ለአንድ ሚዛን ሠራተኛ ቤተሰብ የጻፍነው የሐዘን ደብዳቤ

የሚዛን ሠራተኛችን ያረፉት በኅዳር 2017 ዓ.ም.፣ ቡና በብዛት ወደ መጋዘን በሚገባበት ሰሞን፣ ማክሰኞ ማለዳ ነው። ወሬው ሲደርሰን ግቢ ውስጥ ጀንፈል የጫኑ ሁለት አይሱዙዎች ተራ ይጠብቁ ነበር፤ ሾፌሮቹም ሰምተው ሞተራቸውን አጥፍተው ወረዱ። ቀብሩ በዚያው ቀን ከዙህር ሰላት በኋላ ተፈጸመ። ከቀብር እንደተመለስን ሥራ አስኪያጃችን ቢሮው ጠራኝና፣ «ነገ ከሰዓት ለተዕዚያ ስንሄድ ከማኔጅመንቱ ደብዳቤ ይዘን እንሂድ፤ ጠዋት ላይ አድርስልኝ» አለኝ።

እኔ ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና ማከማቻና ማዘጋጃ ድርጅት የሰው ኃይል አስተዳደር ላይ እሠራለሁ። የቅጥር፣ የዝውውር፣ የእርከን ጭማሪ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በየቀኑ እጽፋለሁ፤ ለአብዛኛው የተዘጋጀ ቅጽ ስላለ ስምና ቀን ለውጦ ማተም ብቻ ነው። የሐዘን መግለጫም እንዲሁ ቅጽ ነበረው። እኔ ግን ያንን ቅጽ ከፍቼ ስም ቀይሬ ማተም አልቻልኩም፤ ምክንያቱ የአባቴ ደብዳቤ ነው።

አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ለ22 ዓመታት ሾፌር ነበር። ሲሞት እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ከመሥሪያ ቤቱ የመጡ ሰዎች ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለእናቴ ሰጧት። እናቴ ማንበብ ስለማትችል፣ ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛው በተቀመጠበት እንዳነብላት አዘዘችኝ። የመጀመሪያው አንቀጽ ደህና ነበር። ሁለተኛው ላይ ግን «በጥበቃ ሥራ ላይ ባሳዩት ታማኝነት» የሚል ደረሰብኝ፤ ዝም አልኩ። እናቴ «ምነው?» አለችኝ። ዘልዬ ወደሚቀጥለው ሄድኩ። እናቴ ግን መዝለሌን አውቃለች፤ ማታ ሰው ሲሄድ ያንኑ ቦታ እንዳነብላት ጠየቀችኝና ሰምታ፣ «ይሄ የማን ደብዳቤ ነው?» አለች። ከእርሱ በፊት ለሞተ ጥበቃ የተጻፈውን ከፍተው፣ ከላይ ያለውን ስም ለውጠው፣ ከታች ያለውን ሳያዩ እንዳተሙት ዛሬ በሙያዬ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ግን የገባኝ አባቴን በ22 ዓመት ውስጥ አንድም ሰው እንዳላየው ነው። እናቴ ደብዳቤውን አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ በኋላ ለማንም አሳይታው አታውቅም።

ስለዚህ የዚያን ዕለት ማታ ቅጹን የከፈትኩት ልሞላው ሳይሆን ምን እንደሚል ለማየት ነበር። እንዲህ ይላል፦ «የድርጅታችን ባልደረባ የነበሩት ሟች … በደረሰባቸው ድንገተኛ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት በመለየታቸው ድርጅቱ የተሰማውን ጥልቅና መሪር ሐዘን እየገለጸ፣ ሟች በሥራ ዘመናቸው ታታሪ፣ ትጉህ፣ ቅንና ታማኝ ሠራተኛ እንደነበሩ እያስታወሰ፣ ድርጅቱ ምንጊዜም ከቤተሰባቸው ጎን መሆኑን ያረጋግጣል።» አንዱም ቃል ስድብ አይደለም፤ የቃላት ስህተትም የለበትም። ነገር ግን አንዲት ሴት ባሏን በቀበረች በማግስቱ ይህን ሲነበብላት ምን እንደምትሰማ ልቤ እየጠየቀ አንድ በአንድ ሄድኩበት።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ «ሟች» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ የፍርድ ቤትና የጡረታ ፎርም ቃል ነው፤ ውርስ ሲጣራ፣ ክፍያ ሲሰላ፣ ሰውየውን ከተካሹ ወይም ከወራሹ ለመለየት ያስፈልጋል። በሐዘን ደብዳቤ ውስጥ ግን የሰውን ስም ነጥቆ መዝገብ ላይ የሚያሰፍር ይመስላል፤ ቤተሰቡም ሰውየውን በዚያ ስም ለመጥራት ገና አልደረሰም። በቦታው «አቶ» ብሎ ስማቸውን መድገም ይቻላል፤ ሦስት ጊዜ ቢደገምም ማንንም አይሰለችም። ስለ መሞታቸውም «ከዚህ ዓለም በሞት መለየት» ከሚለው ረጅም ሐረግ «ማረፍ» የሚለው አንድ ቃል አክብሮቱን ሳያጎድል ያደርሳል።

ቀጥሎ «በደረሰባቸው ድንገተኛ ሕመም» የሚለው ነበር። የሞት ምክንያት የቤተሰብ ነገር ነው። እኛ የሰማነው ከጎረቤት የተባለውን ነው፤ ሐኪም የጻፈውን አላየንም። ምክንያቱ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚያውቁትን መልሶ መንገር ነው፤ ስህተት ከሆነ ደግሞ በድርጅት ማኅተም የጸና ስህተት ይሆናል። ሰው በሥራ ላይ እያለ በደረሰ አደጋ የሞተ ቢሆን ይህ ጥንቃቄ በእጥፍ ያስፈልጋል፤ ምርመራው ሳያልቅ «በራሳቸው ጥንቃቄ ጉድለት» ወይም «በድርጅቱ ጥፋት» የሚል ነገር የሚያስገባ ደብዳቤ ማጽናናቱ ቀርቶ ክርክር ይጀምራል። ስለዚህ ሐረጉን አወጣሁት።

«ድርጅቱ የተሰማው ሐዘን» የሚለውም አልተዋጠልኝም። ድርጅት ደመወዝ ይከፍላል፣ ውል ይዋዋላል፤ ማዘን ግን የሰው ነው። ፈራሚው ሥራ አስኪያጁ ከሆነ «እኔና አብረዋቸው የሠሩ ሁሉ አዝነናል» ቢል የሚያዝነው ማን እንደሆነ ይታወቃል። «ጥልቅና መሪር» ከሚሉት ቅጽሎችም አንዱ ይበቃል። ለቅሶ ቤት ውስጥ ከባለቤቲቱ በላይ ጮሆ የሚያለቅስ እንግዳ እንደሚያስቸግር ሁሉ፣ ከቤተሰቡ በላይ የሚያዝን ደብዳቤም ያስቸግራል።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን «ታታሪ፣ ትጉህ፣ ቅንና ታማኝ» ነው። እነዚህ አራት ቃላት ለጥበቃውም፣ ለሾፌሩም፣ ለገንዘብ ያዡም የተጻፉ ናቸው። ቅጹ ላይ ያለው ጥፋት እዚህ ጋ ነው፤ ስሙ ተለውጦ ሌላ ሰው ላይ ሲለጠፍ ምንም የማይጎረብጠው በእነዚህ ቃላት ምክንያት ነው። በእነርሱ ቦታ እርሳቸው ያደረጉትን፣ ሌላ ሰው ላይ ቢለጠፍ ውሸት የሚሆን አንድ ነገር ማግኘት ነበረብኝ።

ረቡዕ ጠዋት በአንድ ሰዓት መጋዘን ገባሁ። ጫኝና አውራጆቹ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ስለ እርሳቸው ነበር የሚያወሩት። ለምን እንደመጣሁ ነግሬ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ሁሉም «ጥሩ ሰው ነበሩ» አሉኝ። «ምን ሲያደርጉ ታያቸው ነበር?» ብዬ ስጠይቅ ግን ወሬው ተለወጠ። አንዱ ተነሥቶ ሚዛኑ አጠገብ ቆመና እንዴት ያደርጉ እንደነበር አሳየኝ። የሚዛኑን ቁጥር ማሳያ አንገቱን ይዘው ወደ ባለ ቡናው ያዞሩት ነበር። እርሳቸው ራሳቸው ቁጥሩን ለማየት ጎንበስ ብለው አንገታቸውን ማጣመም ነበረባቸው፤ በቀን ስንት ጊዜ እንዲያ ይላሉ! ባለ ቡናው ማንበብ የማይችል ከሆነ መጀመሪያ በኪሎ፣ ቀጥሎ በፈረሱላ ጮክ ብለው ይነግሩታል። ገበሬው ልቡ የሚያሰላው በፈረሱላ ነው፤ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ ኪሎ ብቻ ቢነገረው እጁ ላይ ስንት እንደሚገባ ቶሎ አይታየውም። ከዚያ «ተስማማህ?» ብለው ጠይቀው፣ «አዎ» ሲባሉ ነው እስክሪብቶው መዝገቡን የሚነካው።

ሌላም ታሪክ ነገሩኝ። ከዓመታት በፊት በአንድ ጭነት ላይ ጉድለት ያገኙበትና ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር ፊት ለፊት የተነጋገሩበት ነው። ከሚዛኑ ታሪክ ይልቅ ይህኛው ያስደንቃል፤ ጽናታቸውንም የበለጠ ያሳያል። ነገር ግን ያ ባልደረባ ዛሬም እዚያው ግቢ አለ፤ ማታም ለቅሶ ቤት ይሄዳል። ጠብ በሌለበት ቤት ጠብ ይዞ የሚገባ ደብዳቤ እንዳይሆን ተውኩት።

ከመጋዘን ወደ ቢሮ ተመልሼ የግል ማኅደራቸውን ሳወጣ ያልጠበቅኩት ችግር ገጠመኝ። ማኅደሩ በቋሚነት የተቀጠሩት በ2003 ዓ.ም. ነው ይላል፤ ሲሰላ 14 ዓመት ነው። የመጋዘን ሰዎች ግን «ከእኛ ጋር 19 ዓመት ሠሩ» ነበር ያሉኝ። ሁለቱም እውነት ነው። በ1998 ዓ.ም. በቡና ወቅት በቀን ሠራተኛነት ገብተው፣ በየዓመቱ ወቅቱ ሲመጣ እየተመለሱ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው ቋሚ የሆኑት። ቤታቸው የሚቆጥረው 19ኙን ነው፤ ሚስታቸው ባሏ ከዚያ ግቢ ቡና ቡና እየሸተተ የመጣበትን የመጀመሪያ ቀን ታስታውሳለች። «14 ዓመት» ብለን ብንጽፍ አምስቱን ዓመት በማኅተም ፋቅንባት ማለት ነው። «19 ዓመት አገልግለዋል» ብንጽፍ ደግሞ፣ ሥራ አስኪያጁ ወዲያው እንዳስታወሰኝ፣ ያ ቃል ነገ በክፍያ ስሌት ላይ የአገልግሎት ዘመን ማረጋገጫ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። «እኔ አልከለክላቸውም» አለኝ፣ «ግን የሐዘን ደብዳቤ የሒሳብ ማስረጃ መሆን የለበትም።» ትክክል ነበር። ለግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጠን ያገኘነው መንገድ ቁጥሩን ትቶ የመጡበትን ዓመት መጻፍ ነው፤ «በ1998 ዓ.ም. የቡና ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግቢያችን ከመጡ ጀምሮ» ብንል የማይካድ እውነት ነው፣ የቤተሰቡንም አቆጣጠር አይነካም፣ ስለ ቅጥር ዓይነትም ምንም አይልም።

ለማን ይጻፍ የሚለውም ቀላል አልነበረም። ማኅደሩ ላይ «በአደጋ ጊዜ ተጠሪ» ተብሎ የተመዘገበው ታላቅ ወንድማቸው ነው። በእኛ አገር ልማድ ለቅሶ ቤት እንግዳ የሚቀበለው፣ ስለ ቤተሰቡ የሚናገረውም እርሳቸው ናቸው፤ ደብዳቤውም በእጃቸው ቢሰጥ ደግ ነው። አድራሻው ግን ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መሆን እንዳለበት አጥብቄ ተናገርኩ። «ለአቶ እገሌ ቤተሰብ» የሚለው የተለመደ ነው፤ ሆኖም ሚስት በስሟ ካልተጠራች ደብዳቤው ቤቱ ውስጥ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ አይታወቅም። ስሟ ማኅደሩ ውስጥ በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ነበር፤ አንዱ ቦታ በ«ሠ»፣ ሌላው ቦታ በ«ሰ»። የጎረቤታቸው ልጅ ከእኛ ጋር ስለሚሠራ ደውሎ መታወቂያዋ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ጠየቀልኝ።

የጸሎቱ ቃልም እንደ ቤቱ መሆን ነበረበት። በድሮው ቅጽ መጨረሻ ላይ «እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን» የሚል ነበር፤ ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ ይህ ሙሉና ትክክለኛ ቃል ነው። እኚህ ሰው ግን ሙስሊም ናቸው። አንዳንድ ድርጅት ማንንም ላለማስቀየም ብሎ ጸሎቱን ጨርሶ ያወጣዋል፤ «መጽናናትን እንመኛለን» ብሎ ይዘጋል። ጅማ ላይ ያ ባዶ ይመስለኛል። እዚህ ከተማ ክርስቲያኑ ለተዕዚያ ሲገባ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ይላል፣ ሙስሊሙም ለቅሶ ሲደርስ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፤ ሰው በአፉ የሚለውን ደብዳቤ ሊያፍርበት አይገባም። ሥራ አስኪያጃችን ክርስቲያን ነው፤ «አላህ ይዘንላቸው» የሚለውን ሳሳየው «ከሰዓት እዚያ ስገባ የምለው ይህንኑ አይደል» ብሎ ፈረመበት።

በመጨረሻ ይህ ደብዳቤ ወጣ። ስሞቹን እዚህ አላስቀምጥም።

ቀን ኅዳር … 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ … እና ለልጆቻቸው
ጅማ

የሐዘን መግለጫ

የአቶ …ን ማረፍ የሰማነው ማክሰኞ ጠዋት፣ እርሳቸው ሁልጊዜ ቀድመውን ግቢ በሚገቡበት ሰዓት ነው። እኔና አብረዋቸው የሠሩ ሁሉ እጅግ አዝነናል።

አቶ … በ1998 ዓ.ም. የቡና ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግቢያችን ከመጡ ጀምሮ እናውቃቸዋለን። ሚዛን ላይ ሲሠሩ፣ ቡና ያመጣው ሰው ቁጥሩን ሳያይ መዝገብ ላይ አይጽፉም ነበር። የሚዛኑን ፊት ወደ ባለ ቡናው አዙረው፣ ማንበብ ለማይችለው በኪሎም በፈረሱላም ነግረው፣ «ተስማማህ?» ብለው ከጠየቁ በኋላ ነበር የሚጽፉት። ይህን እናንተ በዓይናችሁ ለማየት ዕድል ስላልነበራችሁ፣ እኛ ያየነውን ልንነግራችሁ ወደድን።

አላህ ይዘንላቸው፤ ጀነትን ይወፍቃቸው። ለእናንተም ሶብሩን ይስጣችሁ።

የሥራ ጉዳያቸውን በሚመለከት በእነዚህ ቀናት ከእናንተ የሚጠበቅ ምንም ነገር የለም። የአስተዳደር ክፍላችን ኃላፊ በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ቤታችሁ መጥቶ ያነጋግራችኋል።

ከአክብሮት ጋር
ዋና ሥራ አስኪያጅ

«ድርጅቱ ምንጊዜም ከጎናችሁ ነው» የሚለው ቀርቶ የመጨረሻው አንቀጽ የገባው በእኔ ግፊት ነው። ምንጊዜም የሚባል ነገር እኔም ሥራ አስኪያጁም መፈጸም አንችልም፤ ነገ ሁለታችንም በዚህ ቤት ላንኖር እንችላለን። ማክሰኞ እሄዳለሁ ማለት ግን እችላለሁ። ቀኑንም ያለ ምክንያት አልመረጥኩትም፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ደመወዝና ሌላ ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል ስላለበት፣ ከዚያ በፊት ሒሳቡን አጣርቼ መቅረብ ነበረብኝ።

የገንዘቡ ነገር በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድም ቃል እንዳይገባ የጠበቅነውም አውቀን ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ወደ ገንዘብ የሚለወጥ የዓመት ዕረፍት፣ የጡረታ አበል፣ ሠራተኞች ያዋጡት፤ እነዚህ ሁሉ ለቤቱ ያስፈልጋሉ፤ ከብዙ ቃልም ይበልጣሉ። ነገር ግን ደብዳቤው ለቀስተኛ በተሰበሰበበት ይነበባል። ብር ከተጠቀሰበት ሰው ሁሉ የሚሰማው ብሩን ብቻ ይሆናል፤ «ስንት ሰጧቸው?» የሚለው ወሬ በማግስቱ ሰፈሩን ይዞራል፣ ባለቤቲቱንም ከዘመድ ጋር ያነካካታል። መዋጮውን በሌላ ፖስታ፣ ለወንድምየው በእጃቸው፣ ውስጥ ቤት ሰጠናቸው። የሒሳብ ክፍሉ «ግልባጭ ለእኛም ይድረሰን» ብሎ ነበር፤ ለሐዘን ደብዳቤ ግልባጭ እንደማይጻፍለት ነግሬ፣ መዝገብ ቤት አንድ ቅጂ ብቻ አስቀረሁ። ከላይ «ጉዳዩ» የሚለውን መስመርም ያወጣሁት በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሰው ማረፍ የሚታይ ጉዳይ አይደለም።

ረቡዕ ከዐስር ሰላት በኋላ በሂርማታ መርካቶ በኩል ወዳለው ቤታቸው ሄድን። ሸራው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን፤ ዱዓ ተደረገ። ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ደብዳቤውን በሁለት እጁ ለታላቅ ወንድምየው ሰጠ። እርሳቸው ለሟቹ ትልቅ ልጅ፣ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ አሳለፉላት። ልጅቱ አነበበች። እያንዳንዱን አንቀጽ ስትጨርስ አጠገቧ ያለ አጎቷ ለአያቷ በኣፋን ኦሮሞ ይመልስላቸው ነበር፤ ትርጉሙን እኛ ራሳችን አዘጋጅተን በሁለት ወረቀት መምጣት እንደነበረብን ያን ጊዜ ገባኝ፤ አያትየውን ያልቆጠርነው ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የሟቹ ወላጆች በሕይወት መኖራቸውንና በምን ቋንቋ እንደሚሰሙ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ልጅቱ «ተስማማህ?» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። እኔም ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቆመ፤ ሌላ ድንኳን፣ ሌላ ወረቀት ታወሰኝ። እርሷ ግን የቆመችው ስህተት አግኝታ አልነበረም። ወደ እናቷ ዞራ፣ «እማዬ፣ እቤትም እንዲሁ ነው የሚለን» አለቻት። ምሳ ሲካፈል፣ የትምህርት ቤት ገንዘብ ሲቆጥርላቸው፣ እጃቸው ላይ አድርጎ «ተስማማችሁ?» ይላቸው ኖሯል። ከጥግ የተቀመጡ ሴቶች አለቀሱ። ልጅቱ ጉሮሮዋን ጠርጋ የቀረውን አነበበች።

ማክሰኞ እንዳልኩት ሄድኩ። ለክፍያ የሚያስፈልገውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ከቀበሌ የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የሞት የምስክር ወረቀት፣ የጋብቻና የልጆቹ የልደት ማስረጃ፣ ከፍርድ ቤት ደግሞ የወራሽነት ማረጋገጫ። ይህንኑ በሌላ ደብዳቤ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ ያኛው «ሟች» ይላል፣ «ጉዳዩ»ም አለው፣ ግልባጩም ለሒሳብ ክፍል ነው። ወረቀቱን ለማሟላት ወራት ወሰደባቸው።

የካቲት ውስጥ ባለቤታቸው ሁሉንም በላስቲክ ማኅደር አድርገው ቢሮዬ መጡ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ዋናውን ከቅጂው ጋር እያመሳከርኩ ስቀበላቸው፣ የጻፍንላቸውን የሒሳብ ደብዳቤ አገኘሁ፤ የሐዘኑ ግን የለም። ከወረቀቶቹ ጋር ጠፍቶባቸው እንዳይሆን ብዬ፣ «ከመዝገብ ቤት ቅጂ ላውጣልዎት?» አልኳቸው።

«የለም ወንድሜ፣ እሱ እቤት ነው ያለው» አሉኝ። «ይሄ ሁሉ ለመሥሪያ ቤት ነው፤ እሱን ከዚህ ጋር ምን አመጣው?»

ቀና ብለው የምፈርምበትን ቦታ እስኪያዩ ጠበቅኳቸው፤ የመረካከቢያውን ወረቀት ወደ እርሳቸው አዙሬ አስቀምጬ ነበር።